የጋቢ ሽያጭ ቪዲዮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጋቢው ነጭ ስለሆነ ነጭ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ንጹሕ ሆኖ ይታያል።»

የስልክ ካሜራ የብርሃኑን መጠን የሚወስነው በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ድምቀት እንዲኖረው አድርጎ ነው። ምስሉ በሙሉ ነጭ ሲሆን ካሜራው ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ብዙውን ጊዜ ያጨልመዋል፤ በዚህ ምክንያት ትናንት ከሸማኔው የመጣ ጋቢ አመድማና ያገለገለ መስሎ ይወጣል። ከዚህም ሌላ የጨርቁ ጠርዝ ከግድግዳው ጋር ስለሚዋሐድ ገዢው ጋቢው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይለይም።

የሚሻለው ጥለትም ሆነ አበባ የሌለበት፣ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ወይም ቡናማ ጀርባ ነው። አንድ ብርድ ልብስ ወይም ያልተወለወለ የእንጨት ጠረጴዛ ይበቃል። ጋቢው የሚሰቀል ከሆነ ከጀርባው ግድግዳ 1 ሜትር ያህል ቢርቅ ጥላው ግድግዳው ላይ አይወድቅም። ከዚያ በስልኩ ስክሪን ላይ ጋቢው የሚታይበት ቦታ ላይ ጣትን አስቀምጦ ጥቂት መቆየት ነው፤ በአይፎን ስክሪን ላይ AE/AF LOCK የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ በብዙ ሌሎች ስልኮች ደግሞ የቁልፍ ምልክት ይታያል። ይህ ሲደረግ እጅ ወይም ሰው በምስሉ ውስጥ ባለፈ ቁጥር የጋቢው ድምቀት ከፍና ዝቅ አይልም። ነጩ አሁንም የጨለመ ከሆነ በአጠገቡ የሚታየውን የፀሐይ ምልክት በጥቂቱ ወደ ላይ ማንሸራተት ይቻላል፤ ነገር ግን የክሩ መስመር መጥፋት ሲጀምር ብርሃኑ በዝቷል ማለት ነውና እዚያ ላይ መመለስ ያስፈልጋል።

በጎጃም ከተሞች ብዙ ቤቶች ውስጣቸው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው። ነጭ ጨርቅ በአጠገቡ ያለውን ቀለም ስለሚቀበል፣ አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ የተቀረጸ ጋቢ አረንጓዴ ጥላ ይዞ ይወጣል፤ ሻጩ ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል እንጂ ምክንያቱ ግድግዳው ነው። ንጹሕ ጀርባ ማለት ደግሞ የሚሸጠው ነገር ብቻ የሚታይበት ጀርባ ማለት ነው። መሶቡና የቡና ረከቦቱ ምስሉን ያሳምሩ ይሆናል፤ ሆኖም ዋጋው በተጻፈበት ቪዲዮ ውስጥ ነጠላና ትራስ አብረው ከታዩ አንዳንዱ ገዢ ሁሉም አብሮ የሚላክ አድርጎ ይረዳዋል።

«ካሜራውን በጣም አስጠግቼ ካነሳሁ የሽመናው ጥራት በግልጽ ይታያል።»

እያንዳንዱ ሌንስ ከዚያ በታች ቢጠጋ ሊያጠራው የማይችለው ርቀት አለው። የአብዛኞቹ ስልኮች ዋና ካሜራ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በታች ሲጠጋ ፎከሱ ይጠፋል፤ ስልኩ ራሱም በጨርቁ ላይ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ስልኩን ወደ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር አርቆ፣ ዙሙን ወደ 2 እጥፍ አድርጎ፣ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ መቆሚያ ላይ ወይም በመጻሕፍት ቁልል ላይ አስደግፎ መቅረጽ ይሻላል። ከዚያ በላይ ያለው ዙም በብዙ ርካሽ ስልኮች ምስሉን ከመለጠጥ ያለፈ ሥራ ስለማይሠራ ክሩ የተቀባ መስሎ ይታያል።

ሽመና በቪዲዮ የሚያመጣው ሌላም ችግር አለ። የድርና የማጉ ቀጫጭን መስመሮች ከካሜራው ጥቃቅን ነጥቦች ጋር ሲጋጩ፣ ጨርቁ ላይ በእውን የሌለ ማዕበል የሚመስል መስመር እየተንቀሳቀሰ ይታያል። ይህን ያየ ገዢ ጋቢው የተንሻፈፈ ወይም ቀለሙ የተዛባ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስልኩን በጥቂቱ ማቅረብ ወይም ማራቅ፣ ወይም ጨርቁን ትንሽ ማዘንበል ብዙውን ጊዜ ያጠፋዋል፤ ከመለጠፉ በፊት ግን ቪዲዮውን ሌላ ሰው ስልክ ላይ ጭምር ማየት ይገባል፣ ምክንያቱም መስመሩ በአንዱ ስክሪን ላይ ታይቶ በሌላው ላይ ላይታይ ይችላል።

የቅርብ ምስል ዋጋ የሚያገኘው ገዢው በእጁ ይመረምር የነበረውን ነገር ሲመልስለት ነው። ጋቢ የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ክሩ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ፣ ድርቡ ስንት ነው፣ ጥለቱ ቀለም ይለቃል ወይ። የእጅ ፈትል አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካው ክር ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ይህ ልዩነት እንዲታይ ብርሃኑ ከጎን መግባት አለበት፤ ጋቢውን በመስኮት አጠገብ ዘርግቶ የፀሐይ ጨረር በቀጥታ ሳያርፍበት መቅረጽ በቂ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው፣ በጣም ዝቅ ብሎ ከጎን የሚመጣ ብርሃን የእያንዳንዱን ክር ጥላ ስለሚያስረዝም ስሱን ጋቢ ወፍራም ያስመስለዋል። በዚህ ምክንያት የጎን ብርሃኑን ምስል ካሳዩ በኋላ፣ ያንኑ ቦታ ብርሃን ከፊት ለፊት እየመጣ ደግሞ ማሳየት ተገቢ ነው።

ድርቡን ለማሳየት ደግሞ የጋቢውን ጠርዝ ይዞ አራቱን ድርብ አንድ በአንድ በጣት መለየት ይሻላል፤ «ወፍራም ነው» ብሎ መናገር ለገዢው ምንም አይነግረውም። የቅርብ ምስሉ ውስጥ ማስመሪያ ወይም አንድ ብር ሳንቲም መኖር አለበት፣ አለዚያ የጥለቱ ስፋት ሁለት ጣት ይሁን አራት ጣት የሚታወቅበት መንገድ የለም።

«ቪዲዮ አጭር መሆን ስላለበት መጀመሪያና መጨረሻውን ካሳየሁ ይበቃል።»

አጭር ማድረግ ጥፋት የለውም፤ ጥያቄው የሚቆረጠው የትኛው ክፍል ነው። የሚያስጠብቀው ክፍል ይቆረጣል፣ የሚያረጋግጠው ክፍል ግን አይቆረጥም። ጋቢው ሲታጠብ ይጠብባል ወይ የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ቪዲዮ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ብናይ ይህ ግልጽ ይሆናል።

በመጀመሪያ በጋቢው አንድ ጥግ ላይ ቀይ ክር በመርፌ ሰፍቶ በቅርብ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ይህ ምልክት በኋላ የሚታየው ጋቢ ያው ጋቢ መሆኑን ይመሰክራል። ቀጥሎ ጋቢውን ጠረጴዛ ላይ ሳይወጥሩ ዘርግቶ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ከጫፉ ጀምሮ በማስቀመጥ፣ ካሜራው ከዜሮው ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ቁጥር ሳይቋረጥ ይከተላል። ዜሮው የማይታይበት ልኬት ምንም አያረጋግጥም። ሚዛን ካለ ባዶው ሚዛን ዜሮ ሲል ታይቶ ጋቢው ይቀመጥበታል፤ ክብደት በብርሃንና በካሜራ አቀማመጥ ስለማይለወጥ የውፍረት አስተማማኝ ምስክር ነው።

ከዚያ ማጠቡ ይመጣል። ሻጩ ለገዢው የሚመክረው በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብን ከሆነ ቪዲዮውም በቀዝቃዛ ውኃ መሆን አለበት፤ ገዢው በሙቅ ውኃ ቢያጥብ ውጤቱ ሊለያይ እንደሚችልም በድምፅ መነገር አለበት። ከማጠቡ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥለቱ ላይ አሽቶ ወዲያው ለካሜራው መግለጥ አለበት፤ በማሸቱና በመግለጡ መካከል አንድ ቅጽበት እንኳ ቢቆረጥ ተመልካቹ ጨርቁ ተቀይሯል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ማለቅለቁና ማድረቁ ግን ረጅም ስለሆነ ሊቆረጥ ይችላል፣ ለዚያውም «ጥላ ላይ ደርቆ፣ በማግስቱ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ነው። በማግስቱ ቀዩ ክር እንደገና ይታያል፣ ልኬቱም በዚያው ጠረጴዛና በዚያው ሜትር ይደገማል። ለምሳሌ በመጀመሪያ 250 ሳንቲ ሜትር የነበረው ርዝመት 240 ቢሆን፣ ሻጩ «10 ሳንቲ ሜትር ጠብቧል፣ ከመቶ 4 ማለት ነው» ብሎ መናገር አለበት። ሁለተኛውን ልኬት ጋቢውን በእጅ ወጥሮ መውሰድ ይህን ሁሉ ሥራ ከንቱ ያደርገዋል፤ ጨርቁ ሲወጠር ጠርዙ ወደ ውስጥ እንደ ቅስት ስለሚገባ ልምድ ያለው ዓይን ይለየዋል።

እንዲህ የተሠራ ቪዲዮ ተቆርጦ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ይችላል። ለቲክቶክ ረጅም ከመሰለ ልኬቱንና የቀለሙን ፍተሻ ብቻ እዚያ ለጥፎ፣ ሙሉውን ቴሌግራም ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

«ቀለሙን ትንሽ ማድመቅ ማታለል አይደለም፣ ሁሉም ያደርገዋል።»

ማስተካከልና ማድመቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በመስኮት ብርሃንና በበራ አምፖል መካከል የተቀረጸ ጋቢ አንዱ ጎኑ ሰማያዊ፣ ሌላው ጎኑ ቢጫ ይሆናል፤ ይህን በኋላ በፊልተር ለማስተካከል መሞከር አንዱን ጎን አቅንቶ ሌላውን ያበላሻል። መድኃኒቱ አምፖሉን ማጥፋትና በአንድ ብርሃን ብቻ መቅረጽ ነው። በክረምት የጎጃም ሰማይ በደመና ሲሸፈን በበር በኩል የሚገባው ብርሃን ለስላሳና እኩል ስለሆነ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው፤ በበጋ ግን እኩለ ቀን ላይ ደጅ መቅረጽ ነጩን አንጸባርቆ የክሩን መስመር ያጠፋዋል።

ከዚያ በኋላ ጋቢውን ስልኩ አጠገብ ይዞ፣ በዚያው መስኮት ሥር የቪዲዮውን ቀለም ከእውነተኛው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ወደ እውነተኛው የሚያቀርብ ለውጥ ማስተካከል ነው፤ ከእውነተኛው የሚያርቅ ከሆነ ግን የሌለ ዕቃ እየተሸጠ ነው። ፊትን የሚያለሰልሱ ፊልተሮችን ማጥፋት ደግሞ የግድ ነው፣ ጨርቁንም ስለሚያለሰልሱት የእጅ ፈትሉ የፋብሪካ ክር መስሎ ይወጣል።

«እንከኑን ካሳየሁ ማንም አይገዛኝም።»

በእጅ የተሸመነ ጋቢ ላይ ቋጠሮ ወይም የተቀጠለ ክር መኖሩ የተለመደ ነው፤ ገዢውም ይህን ያውቃል። የሚያስቆጣው ቋጠሮው ሳይሆን ዕቃው በአውቶቡስ ተልኮ ከደረሰ በኋላ እሱ ራሱ ማግኘቱ ነው፣ በተለይም የመላኪያውን ሒሳብ ከከፈለ። ስለዚህ ቋጠሮውን በጣት እያመለከቱ፣ ማስመሪያው አጠገቡ ሆኖ፣ በቅርብ ማሳየትና በዋጋው ላይ ለውጥ ካመጣም መናገር ይገባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ ይህ የሻጩ ቸርነት ተደርጎ የሚቆጠር አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ግን የናሙናው ጉዳይ ነው። አንድ የሚያምር ጋቢ ተቀርጾ በዚያው ቪዲዮ ብዙ ጋቢዎች ሲሸጡ፣ የሚላከው ጋቢ የታየው አይደለም። በዚህ ጊዜ ቪዲዮው ላይ «ናሙና» ተብሎ መጻፍ አለበት፣ ሻጩም ከመላኩ በፊት የተመረጠውን ጋቢ ጥለትና ጥግ በአንድ አጭር ቀረጻ ለገዢው ለብቻው ይልካል። ይህችን ቀረጻ በቴሌግራም ሲልክ እንደ ፋይል አድርጎ ቢልካት ጥራቷ ሳይቀንስ ስለምትደርስ ገዢው የክሩን መስመር አጉልቶ ማየት ይችላል።