የእኔ ቅደም ተከተል ከጓደኛዬ ለምን ተለየ?

እርስ በርስ የሚጠባበቁ ሥራዎችን በቅደም ተከተል የምንደረድርበት ዘዴ፣ ቶፖሎጂካል ሶርት፣ ላይ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ደንቡ አንድ ነው፦ ማንኛውም ሥራ የሚጠብቃቸው ሥራዎች ሁሉ ሳያልቁ አይጀመርም።

ቤት እንሥራ። ግንብ መሠረትን ይጠብቃል። ጣሪያም፣ ግንቡ ውስጥ የሚቀበረው የመብራት ቱቦም ግንብን ይጠብቃሉ። ልስን ሁለቱንም፣ ቀለም ደግሞ ልስንን። አሁን ምንም የማይጠብቀውን ሥራ ፈልጉና ጻፉት። ከዚያ እሱን ይጠብቁ ከነበሩት ላይ ሰርዙትና ድገሙ። መሠረት ይወጣል፣ ቀጥሎ ግንብ። እዚህ ላይ ጣሪያም ቱቦም ነፃ ናቸው፤ የትኛውም ቢቀድም ልክ ነው። ክረምት ከደረሰ ጣሪያው ይቅደም እላለሁ፤ ያ ግን ምርጫ እንጂ የደንቡ ትእዛዝ አይደለም። ልስኑ ቱቦውን ከቀደመ ግን የተለሰነው ግድግዳ እንደገና ይፈለፈላል።

ሥራ እያለ ነፃ የሆነ ከጠፋ ዙር ተፈጥሯል ማለት ነው። ለሳኙ «መጀመሪያ በሩ ይገጠም» ይላል፤ አናጢው «መጀመሪያ ልስኑ ይለቅ»። በዚህ አያያዝ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ጨርሶ የለም። የበሩን ሥራ ለሁለት ክፈሉት፦ ፍሬሙ ከልስን በፊት፣ መዝጊያው ከልስን በኋላ።