ተሸካሚ የብሎኬት ግድግዳ ማንሳትና በላዩ ሊንተል ማስገባት

በቤት እድሳት ከሚመጡ ጥያቄዎች አንዱ ሳሎንና መመገቢያ ክፍልን የሚለየውን ግድግዳ አንስቶ ቤቱን ማስፋት ነው። ግድግዳው ክፍል ከመለየት ያለፈ ሥራ ከሌለው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከላይ ያለውን የአርማታ ሶሌታ ተሸክሞ ከሆነ ግን ሌላ የሚሸከመው አካል ሳይተካ አንድ ብሎኬት እንኳ መነካት የለበትም።

ክብደቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር የአርማታ ሶሌታ 375 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሶሌታው ግድግዳው ላይ ያረፈ ቢሆንና ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎች 4 ሜትር ቢሰፉ፣ ግድግዳው ከእያንዳንዱ ክፍል ግማሹን ይሸከማል። በአንድ ሜትር 1,500 ኪሎ ማለት ነው። 2.4 ሜትር ክፍት ሲወጣ የተንጠለጠለው 3,600 ኪሎ ይሆናል፤ ሊሾው፣ ንጣፉ፣ ዕቃውና ሰው ሳይታሰብ።

ተሸካሚውን ለመለየት መጀመሪያ የስትራክቸር ፕላኑን ማየት ነው። ፕላን ከሌለ ውፍረቱ ይለካል፤ ባለ 10 ብሎኬት አብዛኛውን ጊዜ ከፋይ ብቻ ነው፣ ባለ 20 ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ፎቅ ካለ በላዩ በዚያው መስመር ግድግዳ መኖሩ ይታያል። አንኳኩቶ በድምፅ መለየት አያስተማምንም፣ ድምፁ የሚነግረው ብሎኬቱ ባዶ መሆኑን ብቻ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ልስኑን ከላይ ሲያነሱ አርማታ አግኝተው «ቢም አለው፣ ይፍረስ» ሲሉ ነው። በተሸካሚ ግድግዳ በተሠሩ ቤቶችም ከብሎኬቱ ራስ ላይ የማሰሪያ ቢም ይሞላል። ሥራው ግድግዳዎቹን ማያያዝ ነው፤ ቀጭን ነው፣ ፌሮውም ጥቂት ነው፣ ከሥሩ ግድግዳው ሲነሳ በራሱ መቆም አይችልም። እውነተኛው ቢም ጫፎቹ ኮለን ላይ ያርፋሉ፣ ኮለኑም እስከ መሠረት ይወርዳል። ስለዚህ ልስኑ ከላይ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጫፍ እስከ ታች በቁመት ይነሳል። ግድግዳው ራሱ አርማታ ሆኖ ከተገኘ በዚህ ዘዴ አይቆረጥም።

ተሸካሚ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሶሌታው በሁለቱም በኩል ይደገፋል። ከግድግዳው 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከክፍቱ በየጫፉ 50 ሳንቲ ሜትር እያለፈ፣ በየአንድ ሜትሩ ፑንቴሎ የሚባል ቋሚ ድጋፍ ይቆማል። ከላይና ከታች ወፍራም ጣውላ ይገባል፤ ሴራሚክ ላይ በቀጥታ የቆመ ድጋፍ ሴራሚኩን ሰብሮ ይሰምጣል። ከሥር ሌላ ፎቅ ካለ ድጋፉ በዚያው መስመር እስከ መሬት መቀጠል አለበት።

ለተባለው 2.4 ሜትር ክፍት፣ በላዩ ሌላ ፎቅ ከሌለ፣ የሚሠራው ሊንተል፣ ማለትም ክፍቱን የሚሻገረው የአርማታ ቢም፣ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው፤ በየጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ያርፋል። ከሥር ሦስት ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ከላይ ሁለት ባለ 12፣ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚይዘው ስታፋ ባለ 8 ሆኖ በየ15 ሳንቲ ሜትር ይታሰራል። ክፍቱ ከሰፋ ወይም በላዩ ግድግዳ ካለ ይህ ልክ አይሠራም፣ መሐንዲስ ማስላት አለበት። ተዘጋጅቶ ቢመጣ 450 ኪሎ ስለሚመዝን በሰው እጅ አይነሳም። ስለዚህ እዚያው ይሞላል።

ጥሩው ዘዴ ግድግዳውን ከሥር መተው ነው። ከሶሌታው ሥር ሦስት ረድፍ ብሎኬት ብቻ ይነሳል፣ የቀረው ግድግዳ የፎርምወርኩ ወለል ይሆናል። የብሎኬቱ ቀዳዳዎች እንዳይሞሉ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ጣውላ ከግራና ከቀኝ ይታሰራል። ቢሙ በሚያርፍባቸው ጫፎች ግን ከሥር ያሉት ሦስት ብሎኬቶች ቀዳዳቸው በአርማታ ይጠቀጠቃል፤ ባዶ ብሎኬት ላይ የተጫነ ጫፍ ቅርፊቱን ይሰነጥቃል። ፌሮው ከወለሉ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ከሥሩ ትንንሽ የሲሚንቶ ኩብ ይገባል። ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ነው። ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። ውኃ አብዝቶ ማቅጠን ጥንካሬውን ይቀንሳል፤ ድብልቁ ወፍራም ሆኖ በዘንግ ይወጋጋል።

ጎኑ በሁለተኛው ቀን ይፈታል። ቢሙ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ ይጠጣል። በላዩ ብሎኬት ይደረደራል፣ ከሶሌታው ሥር ግን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይቀራል። በጣም ችላ የሚባለው ይህ ክፍተት ነው። በልስን ብቻ ከተሸፈነ፣ ድጋፉ ሲነሳ ሶሌታው ብሎኬቱን እስኪነካ ይወርዳል፣ ስንጥቁም ያኔ ይወጣል። የሚሞላው በእጅ ሲጨበጥ ብቻ በሚያያዝ ደረቅ ሞርታር፣ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ፣ በእንጨትና በመዶሻ ከሁለቱም በኩል እየተመታ ነው።

ከ21 ቀን በኋላ ድጋፉ እንደቆመ የሥሩ ግድግዳ ከላይ ወደ ታች ይፈርሳል፤ ከዚያ ድጋፉ በአንዴ ሳይሆን ከመሃል ወደ ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ ይላላል። በሶሌታው ወይም በጎን ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ከታየ ጄሶ ተለጥፎበት ቀኑ ይጻፍበታል። ጄሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው ገና አልቆመምና ፑንቴሎዎቹ ወዲያው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።