የሎት መጠን አሰላል፦ ከአካውንት፣ ከሪስክና ከስቶፕ ርቀት ተነስቶ

በፎሬክስ ገበያ የሎት መጠን የሚባለው አንድ ትሬድ ሲከፈት ምን ያህል እንደሚገዛ ወይም እንደሚሸጥ የሚወስነው ቁጥር ነው። በሜታትሬደር የትሬድ ፕሮግራም የትእዛዝ መስኮት ላይ `Volume` በሚለው ሳጥን ውስጥ የሚገባው 0.01፣ 0.10 ወይም 1.00 ይኸው ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቁጥር አስቀድሞ ይመርጥና ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም ዋጋው በተቃራኒ ሄዶ ሲደርስበት ትሬዱን የሚዘጋውን ትእዛዝ፣ ኪሱ በሚችለው ቦታ ያስቀምጣል። ስሌቱ ግን የሚሄደው በተቃራኒው ነው። የስቶፑን ቦታ የሚያሳየው ቻርቱ ነው፤ ሊጠፋ የሚችለውን ገንዘብ የሚወስነው የአካውንቱ አቅም ነው፤ ሎቱ ከሁለቱ ተሰልቶ የሚወጣ ውጤት ነው። ስለዚህ ከትሬድ ትሬድ ይለያያል፤ ሁልጊዜ በአንድ ሎት የሚገባ ሰው ሳያውቀው ዛሬ 5 ዶላር፣ ነገ 40 ዶላር ለአደጋ እያጋለጠ ነው።

የሚያስፈልጉት ቁጥሮች

የመጀመሪያው የአካውንቱ መጠን ነው። መወሰድ ያለበት መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ገንዘብ ሳይሆን አሁን ያለው ነው። ክፍት ትሬድ ካለ ደግሞ `Balance` ከሚለው ይልቅ `Equity` የሚለው ይሻላል፤ `Balance` ገና ያልተዘጋውን ኪሳራ አያሳይምና።

ሁለተኛው ስቶፑ ቢመታ ሊጠፋ የሚፈቀደው ገንዘብ ነው፤ የሚገለጸውም በአካውንቱ መቶኛ ነው። ለጀማሪ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ በቂ ነው። ምክንያቱ ተከታታይ ኪሳራ ነው። ግማሹን ጊዜ የሚያሸንፍ ዘዴ እንኳ በ200 ትሬድ ውስጥ ስድስት ሰባት ጊዜ በተከታታይ ቢሸነፍ እንግዳ ነገር አይደለም። 1,000 ዶላር ያለው ሰው በየትሬዱ 1 በመቶ እያጋለጠ ሰባት ጊዜ ቢሸነፍ 932 ዶላር ገደማ ይቀረዋል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ 7 በመቶ ከፍ ያለ ትርፍ ይበቃዋል። በ10 በመቶ ቢሆን ግን የሚቀረው 478 ዶላር ነው፤ ለመመለስ ያለውን ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ማሳደግ አለበት።

ሦስተኛው የስቶፑ ርቀት ነው፤ ከመግቢያው ዋጋ እስከ ስቶፕ ሎሱ ያለው። በ`EURUSD` ላይ አራተኛው የአስርዮሽ አሃዝ ፒፕ ይባላል። 1.0850 ላይ ገብቶ ስቶፑን 1.0810 ላይ ያደረገ ሰው 40 ፒፕ ርቀት አለው።

አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ አንድ ፒፕ በአንድ ሎት ስንት ገንዘብ ነው? አንድ ሙሉ ሎት 100,000 ዩኒት ነው። ስለዚህ በ`EURUSD` አንድ ፒፕ 100,000 × 0.0001፣ ማለትም 10 ዶላር ነው። በ0.10 ሎት 1 ዶላር፣ በ0.01 ሎት ደግሞ 10 ሳንቲም ይሆናል።

ቀመሩና አንድ ምሳሌ

```
ሪስክ በዶላር = አካውንት × መቶኛ ÷ 100
ሎት = ሪስክ በዶላር ÷ (ስቶፕ በፒፕ × የአንድ ፒፕ ዋጋ በአንድ ሎት)
```

አካውንቱ 1,000 ዶላር፣ ሪስኩ 1 በመቶ ይሁን። ሊጠፋ የሚፈቀደው 10 ዶላር ነው። ስቶፑ 40 ፒፕ ከሆነ በአንድ ሙሉ ሎት የሚጠፋው 40 × 10 = 400 ዶላር ነው። 10 ለ400 ሲካፈል 0.025 ይመጣል። አብዛኛው ብሮከር ግን ሎትን በ0.01 እርከን ብቻ ስለሚቀበል 0.025 ማስገባት አይቻልም። ምርጫው 0.02 ወይም 0.03 ነው፤ መጠጋጋት ያለበት ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። በ0.02 ስቶፑ ቢመታ የሚጠፋው 8 ዶላር ሲሆን፣ በ0.03 ግን 12 ዶላር ይሆንና ከተፈቀደው ያልፋል።

ስቶፑ 20 ፒፕ ቢሆን ኖሮ መልሱ 0.05 ይሆን ነበር፤ 80 ፒፕ ቢሆን 0.0125፣ ማለትም 0.01። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሎቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚጠፋው ገንዘብ ግን ከ10 ዶላር አያልፍም። «ሰፊ ስቶፕ አደገኛ ነው» የሚለው አባባል ትክክል የሚሆነው ሎቱን ለማይቀይር ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ ስፕሬድ፣ ማለትም ነጋዴው በሚገዛበት የአስክ ዋጋና በሚሸጥበት የቢድ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ይታሰባል። ሜታትሬደር ቻርቱን የሚስለው በቢድ ዋጋ ሲሆን ግዢ የሚከፈተው ግን በአስክ ነው። ስፕሬዱ 1.5 ፒፕ ከሆነ በቻርቱ 1.0850 ላይ የገዛ ሰው የገባው በእርግጥ 1.08515 ላይ ነው፤ ስለዚህ ርቀቱ 41.5 ፒፕ ነው። በሽያጭ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትሬዱ በቢድ ይከፈትና ስቶፑ የሚመታው አስኩ ሲደርስበት ነው። በቻርቱ ላይ ዋጋው ስቶፑን ሳይነካ «ስቶፔ ተመታ» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው፤ ስፕሬዱን በስቶፑ ላይ ደምሮ ማስቀመጥ ያቃልለዋል፤ ሎቱም በተደመረው ርቀት ይሰላል። ብሮከሩ በሎት ኮሚሽን የሚያስከፍል ከሆነም የመግቢያውና የመውጫው በሪስኩ ውስጥ መቆጠር አለበት። ስቶፑ 40 ፒፕ ሲሆን እነዚህ ትንሽ ናቸው። በ5 ፒፕ ስቶፕ ግን 1.5 ፒፕ ስፕሬድ ኪሳራውን በ30 በመቶ ከፍ ያደርገዋል።

ወርቅና ሌሎች ጥንዶች

10 ዶላር የሚለው የፒፕ ዋጋ የሚሠራው ሁለተኛው ገንዘብ ዶላር ለሆነባቸው ጥንዶችና በዶላር ለተያዘ አካውንት ነው። በ`USDJPY` ፒፕ የሚባለው ሁለተኛው የአስርዮሽ አሃዝ ነው፤ በአንድ ሎት 1,000 የን ይሆናል፤ ዋጋው 150.00 ሲሆን ይህ 6.67 ዶላር ገደማ ነው። በ`EURGBP` ደግሞ 10 ፓውንድ ስለሆነ ከ10 ዶላር ይበልጣል፤ በ10 ዶላር ያሰላ ሰው ካሰበው በላይ ይከስራል። አካውንቱ በዩሮ የሆነ አውሮፓ የሚኖር ነጋዴም የፒፑን ዋጋ ወደ ዩሮ መቀየር አለበት።

ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው ግን በወርቅ፣ በ`XAUUSD` ነው። በአብዛኛው ብሮከር አንድ ሎት ወርቅ 100 አውንስ ነው፤ ዋጋው በ1 ዶላር ሲንቀሳቀስ በአንድ ሎት 100 ዶላር፣ በ0.01 ሎት 1 ዶላር ማለት ነው። በወርቅ ላይ ፒፕ የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል፤ አንዱ 0.01 ዶላርን፣ ሌላው 0.10 ዶላርን ፒፕ ይላል፤ ስለዚህ «50 ፒፕ ስቶፕ» የሚል ሲግናል የ50 ሳንቲም ይሁን የ5 ዶላር ርቀት አይታወቅም። ፒፕን ትቶ በዶላር ማስላት ይቀላል። ስቶፑ ከመግቢያው 12 ዶላር ቢርቅ፣ በአንድ ሎት 12 × 100 = 1,200 ዶላር ነው። 10 ለ1,200 ሲካፈል 0.0083 ይመጣል።

ይህ ከትንሹ ሎት፣ ከ0.01 ያነሰ ነው። የስሌቱ መልስ ግልጽ ነው፤ ይህ ትሬድ ለዚህ አካውንት በ1 በመቶ አይሆንም። በ0.01 ቢገባ ሪስኩ 12 ዶላር፣ ማለትም 1.2 በመቶ ነው፤ ይህን አውቆ መቀበል ይቻል ይሆናል። አካውንቱ 200 ዶላር ቢሆን ግን ያው 12 ዶላር 6 በመቶ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ስህተት ስቶፑን ወደ 2 ዶላር አጥብቦ «አሁን ሪስኬ 1 በመቶ ነው» ማለት ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወርቅ 2 ዶላርን በደቂቃዎች ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚል ገበያ ስለሆነ ስቶፑ ግምቱ ትክክል ሆኖም ይመታል። ያለው አማራጭ ትሬዱን መተው ወይም ሎቱ ይበልጥ በተከፋፈለበት የሴንት አካውንት መሥራት ነው።

በእርግጠኝነት ለማወቅ በሜታትሬደር 5 `Market Watch` ውስጥ ምልክቱን በቀኝ ተጭኖ `Specification` መክፈት ይበቃል። `Contract size` የአንድን ሎት ብዛት፣ `Minimal volume` ትንሹን ሎት፣ `Volume step` ደግሞ እርከኑን ያሳያሉ።

ስሌቱ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ፒፕና ፖይንትን ማምታታት ቀዳሚው ነው። ዋጋው በአምስት የአስርዮሽ አሃዝ ሲጻፍ የመጨረሻው አሃዝ ፖይንት ነው፤ አሥር ፖይንት አንድ ፒፕ ነው። የሜታትሬደር መለኪያ መስቀል ርቀትን በፖይንት ስለሚያሳይ 400 የሚለው 40 ፒፕ ነው። 400ውን እንደ ፒፕ የወሰደ ሰው አሥር እጥፍ ያነሰ ሎት ያገኛል፤ ጉዳቱ ቀላል ነው። በተቃራኒው ለተሳሳተ ሰው ግን ሎቱ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ 1 በመቶ ያለው 10 በመቶ ይሆንበታል። ለማረጋገጥ ትሬዱ እንደተከፈተ ማየት ነው፤ በ0.02 ሎት `EURUSD` አንድ ፒፕ ሲንቀሳቀስ የትርፍ ቁጥሩ በ20 ሳንቲም መለወጥ አለበት። በ2 ዶላር ከተለወጠ የገባው 0.20 ነው።

ሌቨሬጅን፣ ማለትም በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ትሬድ ለመክፈት ብሮከሩ የሚሰጠውን አቅም፣ ሪስክ አድርጎ መውሰድም የተለመደ ነው። 0.02 ሎት `EURUSD` 2,000 ዩሮ ነው፤ በ1.0850 ዋጋ 2,170 ዶላር። በ1:30 ሌቨሬጅ ብሮከሩ 72 ዶላር ገደማ ማርጂን፣ ማለትም መያዣ፣ ይይዛል፤ በ1:500 ደግሞ 4 ዶላር ከ34 ሳንቲም። ስቶፑ ቢመታ የሚጠፋው ግን በሁለቱም 8 ዶላር ነው። ከፍ ያለ ሌቨሬጅ የሚያደርገው ከሚገባው በላይ ትልቅ ሎት ለሚያስገባ ሰው በሩን መክፈት ነው፤ ቀመሩ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

በ`EURUSD` እና በ`GBPUSD` ላይ በአንድ ጊዜ ግዢ የከፈተ ሰው በየትሬዱ 1 በመቶ ያስላ እንጂ ሁለቱም ዶላር ይወድቃል የሚል አንድ ውርርድ ናቸው። ዶላር ሲጠነክር አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይመታሉ። እንደ አንድ ትሬድ ቆጥሮ 1 በመቶውን ለሁለት መክፈል ይገባል። ስቶፑን ከገቡ በኋላ ማራቅ ደግሞ ስሌቱን ከነጭራሹ ይሽረዋል፤ 40 ፒፑ 80 ሲሆን በ0.02 ሎት 8 ዶላር የነበረው 16 ዶላር ይሆናል።

በመጨረሻም ቀመሩ የሚገምተው ትሬዱ ስቶፑ ላይ እንደሚዘጋ ነው። ስቶፕ ሎስ ግን ዋጋው ሲደርስ በተገኘው ዋጋ እንዲዘጋ የሚሰጥ ትእዛዝ እንጂ የዋጋ ዋስትና አይደለም። ጥር 15 ቀን 2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ከ2011 ጀምሮ ይከላከልበት የነበረውን ወለል ድንገት አነሳ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ዋጋው ከ1.00 በታች ወረደ፤ ብዙ ስቶፖችም ከተቀመጡበት እጅግ ርቀው ተዘጉ። 40 ፒፕ ስቶፕ ይዞ 1 በመቶ ያሰላ ሰው 1,500 ፒፕ ርቆ ቢዘጋበት የሚያጣው 37 በመቶ ገደማ ነው። 3 በመቶ ያሰላ ደግሞ አካውንቱ አልቆ ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ ብሮከሩ ከዜሮ በታች የወረደን ሂሳብ የማይጠይቅ ካልሆነ በስተቀር። ይህን ያህል የከፋው ብርቅ ቢሆንም ትንሹ መልኩ በየሳምንቱ አለ፤ ዓርብ ማታ ገበያው ተዘግቶ በአዲሱ ሳምንት ሲከፈት ዋጋው ስቶፑን ዘሎ ሊገኝ ይችላል፤ የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ሪፖርት በሚወጣበት ሰዓትም ስፕሬዱ ይሰፋል። በእነዚህ ጊዜያት ትሬድ ክፍት የሚያደርግ ሰው በቀመሩ ያገኘውን ሎት በግማሽ ይቀንሳል ወይም አስቀድሞ ይዘጋል።