ስለ ኦንላይን ቼክ ኢን የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ስልክ የሚጨርሰውና ካውንተር የሚጠይቀው

«ቼክ ኢን 24 ሰዓት ሲቀረው ይከፈታል፤ ሁሉም ጋ ያው ነው።»

የተለመደው እሱ ነው፤ ግን የሁሉም አይደለም። ኤምሬትስ በአብዛኛው 48 ሰዓት ቀድሞ ይከፍታል። ራያንኤር ደግሞ መቀመጫ በክፍያ ላልመረጠ ሰው 24 ሰዓት ሲቀረው ከፍቶ 2 ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል፤ ያመለጠው ኤርፖርት ላይ እስከ 55 ዩሮ ይከፍላል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስተን ግን የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። እናታችሁ ማክሰኞ 22፡40 ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ይበራሉ እንበል። ይህ በእኛ ከምሽቱ 4፡40 ነው። የሚቆጠረው በመነሻው ከተማ ሰዓት ስለሆነ፣ አየር መንገዱ 24 ሰዓት ሲቀረው የሚከፍት ከሆነ ሰኞ ማታ 4፡40 ላይ ይከፈታል። ዋሽንግተን ያለችው ልጅ ልታደርግላቸው ካሰበች፣ በበጋቸው ወራት ለእሷ ሰኞ ከሰዓት በኋላ 3፡40 ፒኤም ነው። ሰኞ ጠዋት ሞክራ «እምቢ አለኝ» ብትል ገና ስላልተከፈተ ነው፤ ሌላ ችግር የለም።

«ኦንላይን እምቢ ካለ ወይ ቲኬቱ ተሰርዟል፣ ወይ ቪዛው ችግር አለበት።»

ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይደለም። መጀመሪያ ስሙን እዩ። ቲኬቱ ላይ እንዲህ ተጽፎ ታገኛላችሁ፦ `KEBEDE/ALEMITUMRS`። ድረ ገጹ `Last name` ሲል የሚፈልገው ከ`/` ምልክቷ በፊት ያለውን ነው፣ እዚህ ላይ `KEBEDE`። እኛ ደግሞ ልማዳችን የራስን ስም ማስቀደም ስለሆነ `ALEMITU` ብለን እንጽፍና «ቦታ ማስያዣው አልተገኘም» ይለናል። መጨረሻ ላይ የተለጠፈችው `MRS` ወይዘሮ ለማለት ነው፣ የስሙ አካል አይደለችም፤ አትደንግጡ።

ስሙ ልክ ከሆነ ቁጥሩን ፈልጉ። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ የሚያሳየው ቦታ መያዙን ብቻ ነው። የተከፈለበት ቲኬት 13 አሃዝ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ኮዱ ኖሮ 13 አሃዙ ከሌለ ወኪሉ ቦታ ይዞ ቲኬቱን ገና አልቆረጠም ማለት ነው። የዚያኑ ቀን ደውሉለት፤ ኤርፖርት እስክትደርሱ አትጠብቁ። የበረራ ሰዓት ተቀይሮም ቲኬቱ በአዲሱ ሰዓት ካልታደሰ ሲስተሙ ያግዳል፤ እሱንም የሚያስተካክለው የሸጠላችሁ ቢሮ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቲኬቱን ከአንዱ ገዝታችሁ የሚያበራችሁ ሌላ አየር መንገድ ይሆናል። ቲኬቱ ላይ `Operated by` የሚለውን አንብቡና ቼክ ኢኑን እዚያ ሞክሩ። ኮዱ ሊለይ ስለሚችል ወኪሉን የዚያኛውን ኮድ ጠይቁት።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ «ካውንተር ይቅረቡ» ካለ፣ ያው መቅረብ ነው። ጨቅላ ሕፃን የያዘ፣ ብቻውን የሚሄድ ልጅ፣ ልዩ እርዳታ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይላካል። ወደ አሜሪካ ለሚበር ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ለተጨማሪ ፍተሻ የተመረጠ ሰው ቦርዲንግ ፓሱን ቤቱ ሆኖ ማውጣት አይችልም። ካውንተር ላይ ሲሰጠው `SSSS` ተጽፎበት ያየዋል። ቪዛው ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ እሱና የእጅ ሻንጣው በደንብ ይፈተሻሉ፣ ጊዜም ይወስዳል።

«ቦርዲንግ ፓሱ ስልኬ ላይ ነው፣ ሻንጣም የለኝም፤ በቀጥታ ወደ በሩ እሄዳለሁ።»

የአገር ውስጥ በረራ ከሆነ ይሂዱ። ወደ ውጭ ከሆነ ግን የግሪን ካርዱን ወይም የቪዛውን ቁጥር ስልክ ላይ ስለሞላችሁ ዋናውን ያየው ሰው የለም። አየር መንገዱ ወረቀት ያላሟላ መንገደኛ ካደረሰ ይቀጣል፣ መልሶ ለማምጣትም ይገደዳል። ስለዚህ ሠራተኛው ፓስፖርቱን በእጁ ይዞ ማየት ይፈልጋል። ራያንኤር የአውሮፓ ፓስፖርት የሌለውን መንገደኛ ኦንላይን ጨርሶም ወረቀቱን እንዲያሳይ ይጠይቃል። ይህን ዘልሎ በሩ ላይ የተገኘ ሰው ስሙ በድምጽ ማጉያ ይጠራል፤ የጎደለ ነገር ካለ ደግሞ በዚያ ሰዓት ማስተካከል በጣም ከባድ ነው።

ሻንጣ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ነው። ለዓለም አቀፍ በረራ ብዙዎቹ 60 ደቂቃ ሲቀረው ሻንጣ መቀበል ያቆማሉ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ቦርዲንግ ፓስ ያንን ሰዓት አያራዝመውም። ለእናታችሁ ተሽከርካሪ ወንበር ከጠየቃችሁም የሚመጣላቸው ካውንተሩ ጋ ነው፤ ሦስት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ።

«ቼክ ኢን ከተደረገ በኋላ ጉዞው አይቀየርም።»

ይቀየራል፤ ግን መጀመሪያ ቼክ ኢኑ መሰረዝ አለበት። እስኪሰረዝ ድረስ ወኪሉ ቲኬቱን ሊነካው አይችልም፤ አየር መንገዱን ራሱን ነው የምትጠይቁት። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ደውሉ። ዝም ብሎ የቀረ ሰው ግን እንደቀረ ይመዘገብና የመመለሻ በረራውም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።