ፕሮክሲ ምንድን ነው? የሦስት ካሜራ ሠርግ በአንድ ደካማ ላፕቶፕ

ፕሮክሲ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የተዘጋ ድረ ገጽ መክፈቻው ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። በቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮክሲ ማለት ካሜራው ከሰጣችሁ ዋና ፋይል የተሠራ ቀለል ያለ ቅጂ ነው። ስትቆርጡና ስትቀጥሉ ላፕቶፑ ቅጂውን ያጫውታል፤ ኤክስፖርት ስታደርጉ ግን ዋናውን ይጠቀማል።

እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ የቀረጽነውን አንድ ሠርግ ላሳያችሁ። ሁለቱ ካሜራዎች በ4ኬ ቀረጹ፣ ሦስተኛው የሙሽራው የአክስት ልጅ ስልክ ነበር። የኔ ላፕቶፕ ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ ለብቻው የለውም። ሦስቱን ደርድሬ ፕሌይ ስል ሙሽራዋ ትራመዳለች፣ ትደርቃለች፣ ከዚያ አዳራሹን አጋምሳ ብቅ ትላለች። ፋኑ እንደ ቡና መፈልፈያ ይጮሃል።

ሰው "ፋይሉ ስለከበደ ነው" ይላል። ዋናው ጣጣ ግን አጨማመቁ ነው። ካሜራዎችና ስልኮች ቪዲዮ የሚጨምቁባቸው H.264 እና H.265 እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ ምስል አድርገው አያስቀምጡም። አንዱን ሙሉ ይይዙና ለሚከተሉት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ስለዚህ መሀል ላይ ያለ አንድ ፍሬም ለማሳየት ላፕቶፑ ከእሱ በፊት ያሉትን መፍታት አለበት፤ እናንተ ደግሞ ወዲያ ወዲህ በተመላለሳችሁ ቁጥር ያንኑ ይደግማል፣ ያውም ለሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ። ለኤዲቲንግ በተሠሩት በDNxHR ወይም በProRes ፎርማት ግን እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ ነው። ለዚህ ነው መጠኑን አሳንሶ በዚያው H.264 ፕሮክሲ መሥራት ግማሽ መፍትሔ የሚሆነው።

እኔ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው የምሠራው። ሴቲንጉ ውስጥ የፕሮክሲውን መጠን Quarter፣ ፎርማቱን DNxHR LB አደርጋለሁ። 4ኬው ወደ 960 በ540 ይወርዳል። ከዚያ ክሊፖቹን መርጦ ቀኝ ክሊክ፣ Generate Proxy Media። ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ማታ ለቅቄው እተኛለሁ፤ መብራት ከሄደና ባትሪውም ካለቀ ግን ጠዋት ግማሹ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ስለዚህ በካሜራ በካሜራ ከፋፍላችሁ ሥሩ። ኤክስፖርት ላይ ደግሞ Use proxy media የሚለው ምልክት እንዳልተደረገበት እዩ። ተደርጎበት ከሆነ ለሙሽሮቹ የምትሰጡት ያንን ብዥ ያለውን ነው።

አሁን ሲንክ፣ ማለትም ሦስቱን ካሜራ በሰዓት ማገጣጠም። ሦስቱን ክሊፖች መርጣችሁ መልቲካም፣ ማለትም ሦስቱንም ካሜራ አንድ ላይ የያዘ ክሊፕ፣ ስትፈጥሩ Angle Sync የሚለውን Sound ታደርጉታላችሁ። ፕሮግራሙ የሦስቱን ድምፅ አመሳስሎ ይደረድራቸዋል። ስለዚህ የትኛውም ካሜራ ላይ፣ የስልኩም ቢሆን፣ ድምፅ ጠፍቶ እንዳይቀረጽ።

ድርደራውን ግን ዝም ብላችሁ አትመኑት። መጀመሪያው ላይ አንድ ጭብጨባ፣ መጨረሻው ላይ ሌላ ፈልጉና እጆቹ ሲገጥሙና ድምፁ ሲሰማ አንድ ላይ መሆኑን እዩ። ስህተቱ ሁለቱም ቦታ እኩል ከሆነ ነገሩ ርቀት ነው። የኛ ሁለተኛ ካሜራ ከመድረኩ 30 ሜትር ያህል ርቆ አዳራሹ ጀርባ ቆሞ ነበር። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ እሱ ጋ የደረሰው 0.09 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሰላ ሁለት ፍሬም መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ድምፅን ከድምፅ ሲያገጥም ምስሉን ሁለት ፍሬም አስቀደመው፣ የሽማግሌው ከንፈር ከምርቃቱ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። መልቲካሙን በ Open in Timeline ከፍቶ ያንን ካሜራ ሁለት ፍሬም ወደ ቀኝ መግፋት ነው፣ አለቀ።

መጀመሪያው ልክ ሆኖ እየቆየ የሚሸሽ ከሆነ ግን መግፋት አይረዳም። የስልኩ ክሊፕ እንደዚያ ነበር፦ ሙሽሮቹ ሲገቡ ልክ፣ ኬክ ሲቆረጥ ጭብጨባው ሌላ እጁ ሌላ። ብዙ ስልኮች እንደ ብርሃኑ ሁኔታ የፍሬም ፍጥነታቸውን ይቀያይራሉ፣ በሴኮንድ አንዴ 30 አንዴ 24። ኤዲቲንግ ፕሮግራም ደግሞ አንድ ወጥ ፍጥነት ነው የሚጠብቀው። መፍትሔው የስልኩን ፋይል ቀድሞ ወደ ቋሚ ፍጥነት መቀየር ነው፤ ሌሎቹ ካሜራዎቼ በ25 ስለቀረጹ፣ ተርሚናል ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት በሚሠራው ffmpeg በሚባል ፕሮግራም እሱንም 25 አደረግኩት፦

```
ffmpeg -i phone.mp4 -vf fps=25 -c:v libx264 -crf 18 -c:a pcm_s16le phone_25.mov
```

ይሄ ከፕሮክሲ በፊት የሚሠራ ነው። እኔ ያወቅኩት ፕሮክሲውን ከሠራሁ በኋላ ስለነበር የስልኩን ክሊፕ ከነፕሮክሲው አውጥቼ phone_25.movን አስገባሁ፣ ለእሱ ብቻ እንደገና ፕሮክሲ ሠራሁ፣ መልቲካሙንም እንደ አዲስ። አንድ ማታ ሄደብኝ። ጠዋት የኬኩን ጭብጨባ ሳየው እጁም ድምፁም አንድ ፍሬም ላይ አረፉ።