የግምጃ ቤት ሰነድና የባንክ ተቀማጭ ለወሎ ቆጣቢ

የግምጃ ቤት ሰነድ መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ወረቀት ነው፤ ዛሬ ግን ወረቀቱ ቀርቶ በመዝገብ ላይ የሚቀመጥ ቁጥር ሆኗል። ብሔራዊ ባንክ በገንዘብ ሚኒስቴር ስም በየሁለት ሳምንቱ በጨረታ ይሸጠዋል፤ ዕድሜው 28፣ 91፣ 182 ወይም 364 ቀን ነው። በኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለሆነ 182 ቀን ማለት ስድስት ወር ከሁለት ቀን ነው፦ ታኅሣሥ 15 የተገዛ ሰነድ ሰኔ 17 ይመለሳል።

ሰነዱ እንደ ባንክ ሂሳብ በየወሩ ወለድ አይጨምርም። ከሙሉ ዋጋው ቀንሶ ይሸጥና በመጨረሻው ቀን ሙሉውን ይከፍላል። አንድ የደሴ ነጋዴ የ100,000 ብር፣ የ182 ቀን ሰነድ በ15 በመቶ ዓመታዊ ምጣኔ ገዛ እንበል (ምጣኔው ለስሌት የተወሰደ ነው፤ ትክክለኛው በየጨረታው ይለያያል)። የሚከፍለው እንዲህ ይሰላል፦

```
100000 / (1 + 0.15 * 182 / 365) = 93041
```

ስለዚህ 93,041 ብር ከፍሎ ሰኔ ላይ 100,000 ይቀበላል፤ ትርፉ 6,959 ብር ነው። ያው 93,041 ብር ዝቅተኛው የ7 በመቶ ወለድ በሚከፈልበት የቁጠባ ሂሳብ ቢቀመጥ በ182 ቀን 3,247 ብር ገደማ ብቻ ያስገኝ ነበር፤ ታክሱም ገና አልተነሣለትም። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ግን ሌላ ነገር ነው። ጠቀም ያለ ገንዘብ የያዘ ሰው ከባንኩ ጋር ተደራድሮ 12 በመቶ ቢያገኝ 5,567 ብር ይደርሰዋል፤ ያኔ ልዩነቱ 1,400 ብር አይሞላም። ለዚህ ልዩነት መንከራተት ይገባል ወይ የሚለው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው።

ሰነዱ ሁልጊዜ ከቁጠባ ሂሳብ ይበልጣል ማለት አይደለም። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ምጣኔው በገበያ አይወሰንም ነበር፤ እጅግ ዝቅ ያለ ስለነበር ዋናዎቹ ገዥዎች የጡረታ ፈንዶች ነበሩ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ገደማ ጨረታው ለገበያ ሲተው ነው ነገሩ የተለወጠው።

ስለ ደኅንነቱም ሁለቱን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የተሸፈነ ነው፤ ሽፋኑ ግን በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር ብቻ ነው። 600,000 ብር በአንድ ባንክ ያለው ሰው 500,000ው ከሽፋን ውጭ ነው፤ ሙሉው እንዲሸፈን ገንዘቡን ለስድስት ባንክ መክፈል ይኖርበታል። ሰነዱ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም፤ ባለዕዳው ራሱ መንግሥት ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የውጭ ቦንድ ወለድ ሳትከፍል መቅረቷ ሰውን አስደንግጦ ነበር፤ ያ ግን የዶላር ዕዳ ነው፤ የግምጃ ቤት ሰነድ የብር ዕዳ ነው። መንግሥት ብር ሊያጥረው የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው። ለብሩ የመግዛት አቅም ግን ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ ግሽበቱ ከምጣኔው ከበለጠ ቆጣቢው ሙሉ ክፍያ ተቀብሎም ከስሯል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከጊዜው በፊት ገንዘቡን ሲፈልግ ነው። የደሴው ነጋዴ ከ91 ቀን በኋላ ሰነዱን መሸጥ ቢፈልግና የገበያው ምጣኔ ወደ 20 በመቶ ቢወጣ ዋጋው 95,250 ብር ይሆናል፤ አሁንም በ2,209 ብር አትርፏል። በዚያው ጊዜ ከ7 በመቶው ቁጠባ የሚያገኘው 1,624 ብር ነው። ምጣኔው 25 በመቶ ቢደርስ ግን ትርፉ 1,092 ብር ብቻ ይሆንና ከቁጠባው ያንሳል። ዕድሜው አጭር ስለሆነ የዋጋ ውድቀቱ ያን ያህል አያስፈራም፤ ዋናው ችግር ገዥ ማግኘት ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ገበያው ገና ለጋ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ ዛሬ ሸጦ ነገ ብር እይዛለሁ ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሰነዱ ለሁሉም ገንዘብ አይሆንም። የባቲ ከብት ነጋዴ ገንዘቡ በየሰኞው ገበያ ስለሚንቀሳቀስ ለእሱ ቁጠባ ሂሳብ ይሻለዋል። የመኸሩን ጤፍ ሸጦ እስከ ሰኔ የማይነካው ገንዘብ ያለው ገበሬ ወይም የእህል ነጋዴ ግን 182 ቀኑ ከሥራው ጋር ይገጥምለታል። በዴላንታና በሌጋምቦ ደጋ በልግ የሚያመርት ሰው ደግሞ የዘር ገንዘቡን ጥርና የካቲት ላይ ስለሚፈልገው፣ በታኅሣሥ የ28 ቀኑን ካልሆነ ባይገባበት ይመረጣል። ወለድ ለማይነኩ ሙስሊሞችም ቅናሹ ያው ወለድ ስለሆነ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች ዘንድ ማስቀመጡ ይቀላል።

ግለሰብ ብሔራዊ ባንክ ሄዶ አይጫረትም፤ በባንኩ በኩል ነው የሚገባው። የቅርንጫፍ ሠራተኛ ጉዳዩን ላያውቀው ይችላል፤ ሥራው የሚሠራው አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ከጨረታው ብዙ ቀን ቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል። ከማመልከቱ በፊት ትንሹ የሚፈቀደው መጠንና የባንኩ ኮሚሽን ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ በትንሽ ገንዘብ ላይ ኮሚሽኑ ልዩነቱን ይበላዋልና። ከፍ ያለ ምጣኔ የጠየቀ ተጫራች ምንም ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል፤ ገንዘቡም እስከሚቀጥለው ጨረታ በሂሳቡ ይቆያል። ሰነዱ ሲያልቅም እንዲሁ ነው፦ 100,000ው በቼክ ሂሳብ ውስጥ ቢገባና ሳይነካ ሁለት ወር ቢቆይ በሰነዱ የተገኘው ብልጫ በየቀኑ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ የማብቂያውን ቀን ጽፎ ይዞ፣ ቀጣዩን ማመልከቻ ከዚያ ቀን በፊት ማስገባት ይገባል።