የእጅ ሰዓቱ ካሎሪ ለምን ይሳሳታል?

ሁለት እህትማማቾች በማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር 5 ኪሎ ሜትር ተራመዱ እንበል። ታላቂቱ 90፣ ታናሺቱ 50 ኪሎ ይመዝናሉ። የሁለቱም ሰዓት ግን 175 ካሎሪ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንዳቸውም ክብደታቸውን ስላላስገቡ ሰዓቱ ሁለቱንም 70 ኪሎ አድርጎ ቆጠራቸው።

ሰዓት ካሎሪን አይለካም። የሚለካው የክንድን እንቅስቃሴና የልብን ምት ነው፤ ቀሪው ስሌት ነው። በሜዳ ላይ በመካከለኛ ፍጥነት የሚራመድ ሰው፣ ተቀምጦም ከሚያቃጥለው በላይ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በኪሎ ሜትር ግማሽ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። በዚህ ሒሳብ ታላቂቱ ያቃጠለችው 225፣ ታናሺቱ 125 ያህል ነው። ለታላቂቱ 50 ተጓደለባት፤ ለታናሺቱ 50 ተጨመረላት። ታናሺቱ ቁጥሩን አምና ቁርሷን ብታበዛ አዝናለሁ፤ ጥፋቱ የእርሷ አይደለምና።

ቁመትም ያሳስታል። ብዙ መሣሪያዎች ርቀትን የሚያገኙት እርምጃን በግምታዊ ርዝመት አባዝተው ነው። እርምጃዋ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭር ሴት በ70 ከተሰላላት፣ 8,000 እርምጃዋ 4.8 መሆኑ ቀርቶ 5.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ካሎሪውም አብሮ ያብጣል። ይህን ለማወቅ ርዝመቱን በምታውቁት መንገድ ላይ ተራምዳችሁ ከሰዓቱ ጋር አስተያዩ።

ክብደትና ቁመት በትክክል ቢገቡም ስሕተቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። እኩል 80 ኪሎ ከሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ጡንቻ የሚበዛው ተቀምጦም የበለጠ ያቃጥላል፤ ሰዓቱ ግን የሚያውቀው ኪሎውን ብቻ ነው።